በላካችሁልኝ የወተት ጣሳ ፎቶ ላይ ያለው

ሰላም እናትና አባት፣ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ። ከዱባይ የመጣው ጣሳ ፎቶ ደርሶኛል፣ ጽሁፉ አረብኛና እንግሊዝኛ ስለሆነ ባትረዱት አይገርምም።

ሰንጠረዡ ላይ በግራ ያለው ዕድሜ ነው፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ከዛ የማንኪያ ብዛት። የናንተ ልጅ ሶስተኛ ሳምንቱ ስለሆነ 120 ሚሊ ውሃ በ4 ማንኪያ ይላል፣ ማለትም ለ30 ሚሊ አንድ ማንኪያ። ማንኪያው ራሱ ጣሳው ውስጥ ያለው ብቻ ነው፣ የሌላ ወተት ማንኪያ መጠኑ ይለያያል። ቢላዋ ያለበት ስዕል ደግሞ ከላይ የተከመረውን በቢላ ጀርባ አስተካክሉ፣ ተጭናችሁ አትሙሉ ለማለት ነው። ሁሌም ውሃው ይቅደም፣ ዱቄቱን አስቀድማችሁ እስከ 120 ከሞላችሁ ዱቄቱ ቦታ ስለሚይዝ ውሃው ያንሳል፣ ወተቱ ይወፍራል፣ ሆዱ ይደርቅና ሰውነቱ ውሃ ያጣል። ወተቱ ውድ ነው ብሎ ማቅጠንም (አያት እንዲህ ማለታቸው አይቀርም) ከዚህ አይሻልም፣ ልጁ ጠግቦ ይተኛል ግን አያድግም፣ ሲብስም በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ወርዶ ያንቀጠቅጠዋል።

አሁን ሙቀቱ ላይ ልብ በሉልኝ። ጣሳው አፍልታችሁ እስከ 40 ዲግሪ አቀዝቅዙ ይላል፣ እኔ ግን ለዚህ ዕድሜ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውን ነው የምመክራችሁ፣ ውሃው ዱቄቱ ሲገባበት ከ70 ዲግሪ በታች መሆን የለበትም ምክንያቱም ዱቄቱ ራሱ ከጀርም ነጻ አይደለም፣ የታሸገ ውሃም ቢሆን ይፈላ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ እንደፈላ ትንሽ ብቻ ቆይታችሁ ቶሎ በጥብጡ፣ ከዛ ጡጦውን ክዳኑን ዘግታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ስር አዙሩት፣ አንጓችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ለብ ካለ ስጡት። ማይክሮዌቭ አይሆንም፣ አንዱን ቦታ አንድዶ ሌላውን ቀዝቃዛ ይተወዋል።

ሰዓት ያለበት ስዕል የመቆያውን ነው የሚያሳየው። የተበጠበጠ ወተት ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ልጁ አፉን ካሳረፈበት ደግሞ በ1 ሰዓት ውስጥ ካልጨረሰ ይደፋ፣ አሳዝኗችሁ ፍሪጅ እንዳትከቱት። አዲስ የተበጠበጠ ቶሎ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ከገባ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል፣ ግን መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ አትመኑት። ለሌሊት ይልቅ የፈላ ውሃ በንጹህ ፔርሙዝ፣ ዱቄቱን ለብቻው ለክታችሁ በደረቅ እቃ አስቀምጡ፣ ሲነሳ ነው የምትበጠብጡት።

ጣሳው ከተከፈተ በኋላ 4 ሳምንት ነው የሚለው። ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፣ እርጥበት ይይዘዋል፣ ክዳኑን ገጥማችሁ ደረቅ ቦታ አድርጉት፣ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ላዩ ላይ ጻፉ። ማብቂያ ቀኑ ታች ነው የሚታተመው፣ ፎቶው ላይ አይታይም፣ እስቲ ገልብጣችሁ አንስታችሁ ላኩልኝ።