«የእንጀራየ ዓይን ተመለሰልኝ»

ይህን መልእክት በድምፅ የላኩልን አዘዞ የሚኖሩ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ናቸው። የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን የጠገንነው ጥምቀት ሊገባ ሲል ነበር። መልእክታቸው የደረሰን ከበዓሉ በኋላ ነው። ሱቅ ውስጥ ሁላችንም ተሰብስበን ሰማነው። ሌላ ሰውም እንዲሰማው ፈልገን አስፈቀድናቸው። «ስሜ አይውጣ እንጂ ያልሁት ይውጣ» አሉን።

ወደ ጽሑፍ ስንገለብጠው የተደጋገመውን ቀንሰናል፤ የጎረቤቶቻቸውንም ስም ሰርዘናል። አነጋገራቸውን አልነካንም፣ አንድም ቃል አልጨመርንም። ከመለጠፋችን በፊት ልጃቸው አንብባላቸዋለች። «ዋጋው ላይ ያልኋትን እንዳትቆርጧት!» ብለው አስጠንቅቀውናል። ቃላቸው ይኸውና፦

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቸ። እኔ እንኳ በዚህ በቴሌግራም ማውራት አልለመደብኝም። ልጀ ናት ‹እመየ፣ ይችን ተጫኝና አውሪ› ያለችኝ። ሳላመሰግናችሁ ብቀር ደስ አይለኝም ብየ ነው።

እንግዲህ እኔ ቤቴን የማስተዳድር በእንጀራ ነው። ምጣዱ ከገና ወዲህ ጠባዩ ተለወጠብኝ። በአንድ ወገን ይበስላል፣ በአንድ ወገን ሊጡ እንዳፈሰስሁት ቁጭ ይላል። ጥሬው ይብሰልልኝ ብየ ሳቆየው ያኛው ወገን ያርራል። ግማሹ ዓይን አለው፣ ግማሹ ድፍን ነው። ይህን ለማን ይሸጡታል? እኔማ መጀመሪያ አብሲቱን ጠረጠርሁ። ውኃ ቀነስሁ። እርሾ ለወጥሁ። ጤፉንም፣ ያስፈጨሁበትን ወፍጮም አማሁ። ለካ ነገሩ ሁሉ ከምጣዱ ኖሯል።

አንድ ጠጋኝ አስመጣሁ። ቆሞ አየና ‹ይሄ አልቆለታል፣ አዲስ ይግዙ› አለኝ። ኧረ ሳይከፍተው! አዲስ በምኔ ልግዛ? ጥምቀት ደርሷል፤ ከየቤቱ ‹እንጀራ ያዥልን› ተብያለሁ። ጎንደር በጥምቀት እንግዳ እንዴት እንደሚጎርፍባት ታውቁት የለ። ደግሞ ገሃድ አለ፤ የጾሙን ሽሮ ያለ እንጀራ ምን ያደርጉታል? እንቅልፍ አጣሁ እላችኋለሁ። ሰው ቃል ገብቸ እንዴት ላድርገው?

ጎረቤቴ ናት ‹ቅዳሜ ገበያ ልጆች አሉ፣ እስቲ ሞክሪ› ያለችኝ። በባጃጅ ጭኘ መጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጅነታችሁን ሳይ አላመንኋችሁም። ‹እነዚህ ደግሞ ምን ያውቃሉ› ብያለሁ በሆዴ።

ያ ረጅሙ ልጅ ምጣዱን ገለበጠና ከፈተው። ‹እማማ፣ ይምጡ ይዩት› አለኝ። እኔ ከዚህ በፊት ምጣድ ሆዱን ሲከፈት አይቸም አላውቅ። ሸክላው ከሥሩ ቦይ ቦይ ወጥቶለት፣ ሽቦው በቦዩ ውስጥ ዙሪያውን ይሄዳል። ሁለት ሽቦ ነው ያለው። አንደኛው ተበጥሷል፤ የተበጠሰበት ቦታ ጠቁሯል። በእንጨት ጫፍ ነካ አድርጎ አሳየኝ። ሶኬቱንም አሳየኝ፣ እግሩ ሥር ቀልጧል። ‹ሸክላው ግን ደህና ነው፣ አይቀየርም› አለ። ይችን ነው የወደድሁለት። ሸክላውም ይቀየር ቢለኝ እሽ ነበር የምለው፤ እኔ ምን አውቃለሁ?

ሠርቶ ሲጨርስ ‹ይውሰዱት› አላለኝም። ሰካውና አጋለው። ዱቄት በእጁ ነሰነሰበት። ቆመን አየን። መሀሉም ዳሩም እኩል ጠየመ። ‹አሁን ይውሰዱት› አለኝ።

ቤቴ ገብቸ አሰስሁት፣ ሊጡን አዞርሁት፣ ከደንሁት። አክንባሎውን ሳነሳ ዓይኑ ከዳር እስከ ዳር ፈክቷል! ብቻየን እልል አልሁ። ልጀ ደንግጣ ከጓዳ ሮጣ መጣች፣ ‹ምን ሆንሽ እመየ› ብላ። ‹የእንጀራየ ዓይን ተመለሰልኝ› አልኋት።

ዋጋችሁ ግን ወደድ ይላል። 1,800 ብር ለኔ ቀላል አይደለም። ‹ትንሽ እንኳ ቀንሱልኝ› ብየ ለመንኋችሁ፣ እምቢ አላችሁ። እሷን ተቀይሜያችኋለሁ። ቢሆንም ለበዓሉ የተያዘብኝን ሁሉ አድርሻለሁ። ብሩ በዚያው ተመለሰ። ሰው ፊት አላፈርሁም፣ ትልቁ እሱ ነው። እግዜር ይስጥልኝ። ያን ረጅሙን ልጅ ሰላም በሉልኝ። ለከርሞ ጥምቀት በሰላም ያድርሰን።»

ሰላምታው ለልጁ ደርሶታል። ቀኑን ሙሉ ፈገግ እንዳለ ነው የዋለው።

ስለ ዋጋው ያሉት ቅሬታ አለ። ቅሬታውን ያልቆረጥነው አትቁረጡት ስላሉን ብቻ አይደለም። አንድ ሰው 1,800 ብር ከፍሎ ከበደኝ ካለ፣ ከብዶታል። ብሩ የሁለቱን ሽቦ፣ የሶኬቱንና የእጅ ሥራውን ዋጋ ይይዛል። የተበጠሰው አንዱ ሆኖ ሳለ ሁለቱንም የቀየርነው ያረጀ ሽቦና አዲስ ሽቦ እኩል ስለማይግሉ ነው። አንዱን ብቻ ብንቀይር እንጀራው መልሶ በአንድ ወገን ያርርባቸው ነበር። ከዚህ የረከሰ ሽቦ ገበያ ላይ ሞልቷል። እኛ ግን እንጀራ ሸጦ ለሚኖር ሰው እሱን አንገጥምም። ቶሎ ተበጥሶ በበዓል ዋዜማ ሥራ ያስፈታል።

አብሲት አስጠርጥሮ ያስለፋቸውን ነገር እኛ በየሳምንቱ እናየዋለን። እንጀራው ሁልጊዜ በአንድ በኩል ብቻ ድፍን ከሆነ ምጣዱን ጠርጥሩ። ሊጥ ሲበላሽ ወገን አይለይም፣ እንጀራው በሙሉ ነው የሚበላሽ።

ሶኬታቸው የቀለጠውም ያለምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር አካባቢ መሆኑ ነው። እሳቸው ጓዳው ሩቅ ስለሆነ በስስ ኤክስቴንሽን ነበር የሚሰኩት። ስስ ገመድ ይህን አይችልም፤ መጀመሪያ ይግላል፣ ከዚያ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ምጣዱን ስንመልስላቸው በወፍራም ገመድ ለብቻው መስመር እንዲያስዘረጉለት ነግረናቸዋል። ልጃቸው ኤሌክትሪሻን አስመጥታ አሠርታላቸዋለች። ይህን ስንሰማ ከምስጋናው እኩል ደስ አለን።

ምጣዳችሁ እንዲህ ጠባዩ ከተለወጠባችሁ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት አምጡልን። ሱቃችን ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ከእሑድ በቀር ሁልጊዜ ክፍት ነን። ከፍተን ለማየት አናስከፍልም። ፊታችሁ ነው የምንከፍተው፣ ሽቦውንም ሸክላውንም እናንተው ታያላችሁ። መሸከሙ ለከበዳችሁ ኢንቦክስ ጻፉልን፤ አዘዞም ማራኪም ቤት ድረስ እንመጣለን። ስታመጡት ግን ሌሊቱን ሳይሰካ ይደር፤ በጋለ ሸክላ ላይ መንገዱ ስንጥቅ ያተርፋል።