መጀመሪያ ቦዩ ይሠራ፦ ስለ ሰፈራችን መንገድ ጥገና በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የደብረ ብርሃን ከተማ አመራሮች፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የመጣሁት የሰፈራችንን የመንገድ ኮሚቴ ወክዬ ነው። ገንዘብ ያዡ እኔ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ብር ነው። ግን መንገዱ ምን እንደሆነ ሳልናገር ቁጥር ብደረድርላችሁ ማንንም አይጠቅምም።

ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ሰፈራችን የሚገባው ኮብልስቶን 640 ሜትር ነው። ከላይ ያለው ክፍል ደህና ነው። ከወፍጮ ቤቱ በታች ያለውን ግን መንገድ ብሎ መጥራት ይከብዳል። ድንጋዩ ተነቃቅሏል። ሥሩ የነበረው አሸዋ ታጥቦ ሄዷል። ባለፈው ክረምት ከእድራችን አንዲት እናት ሲያርፉ አስከሬኑን የያዘው መኪና እዚያ ቦታ ላይ ተቀረቀረ። ወጣቶቹ ሳጥኑን አውርደው በትከሻቸው ተሸከሙት። ለቀስተኛው ነጠላውን ሰብስቦ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት እየዋጠው ተከተለ። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ሰው በክብር የማይሸኝበት መንገድ ሊያሳፍረን ይገባል።

ዝናብ ሲጥል ባጃጅ አይገባም። የገባም እንደሆነ እጥፍ ያስከፍላል፤ ሾፌሩንም አልፈርድበትም፣ ጎማና መለዋወጫ የሚገዛው ከኪሱ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ግን ጭቃው እስኪደርቅ አትጠብቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መንገዳችንን ያበላሸው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ከባድ መኪና ነው ይላል። አሸዋና ብሎኬት የጫነ መኪና ጉዳት አለው፣ አልክድም። ከሁሉ በላይ ያበላሸው ግን ውኃ ነው። አፈራችን ጥቁር አፈር ነው። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከሥሩ እንዲህ የሚነሳና የሚወርድ መሬት ላይ የተነጠፈ ድንጋይ ቦይ ከሌለው አይበረክትም። የእኛ ቦይ ደግሞ ግማሹ ደለል ሞልቶታል፣ ግማሹ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ውጦታል። ጎርፉ መሄጃ ሲያጣ መንገዱን ራሱን ቦይ አደረገው።

ሁለተኛው ምክንያት ቁፋሮ ነው። ለቧንቧም ይሁን ለኬብል መንገዱ ይቆፈራል፣ መስመሩ ይቀበራል፣ ድንጋዩ ግን ዳር ላይ ተከምሮ ይቀራል። አፈሩ ሳይጠቀጠቅ ድንጋይ ቢደረደርበትም በአንድ ክረምት ይሰምጣል። ይህን የምናገረው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። መፍትሔ ስላለው ነው፣ እመለስበታለሁ።

ስለዚህ የኮሚቴያችን አቋም ግልጽ ነው። መጀመሪያ ቦዩ ይሠራ፣ ድንጋዩ ይከተል። ቦይ ሳይሠሩ ድንጋይ መልሶ መደርደር ጣሪያው እያፈሰሰ ግድግዳ መቀባት ነው። ድንጋዩ ለዓይን ያምራል፣ ሪባንም ይቆረጥለታል። ቦይ ግን ማንም አያየውም። ገንዘባችንን የሚያድነው ግን እሱ ነው።

ዋጋው ይሄ ነው። ባለሙያ አስለክተናል። ለቦዩና ለሁለት ማሻገሪያ ቱቦዎች 2,600,000 ብር፣ ለተነቀለው ድንጋይ መልሶ ማንጠፍ 1,100,000 ብር፣ በድምሩ 3,700,000 ብር ይጠይቃል። ከዚህ ውስጥ ነዋሪው 740,000 ብር ይሸፍናል። ቀሪውን 2,960,000 ብር ከከተማው እንጠይቃለን።

የእኛ ድርሻ ወሬ ብቻ አይደለም። በሰፈሩ 212 አባወራና እማወራ አለ። ጡረታቸው ለወር የማይበቃቸውን አረጋውያንና ረዳት የሌላቸውን 26 ቤቶች ከክፍያ ነፃ አድርገናል። ስማቸውን ግድግዳ ላይ አንለጥፍም፣ የድሃ ገመና ገበያ አይወጣም። የቀሩት 186 ቤቶች በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤት 3,500 ብር እንዲያዋጡ ተስማምተናል። 148ቱ ከፍለዋል። ዛሬ ባንክ ያለው 518,000 ብር ነው። ደብተሩ እዚህ አለ፣ የፈለገ ይየው። ብሩ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፣ ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አይወጣም። የሱቅና የከባድ መኪና ባለቤቶች ደግሞ ተጨማሪ 89,000 ብር ለማዋጣት ቃል ገብተዋል። አመሰግናቸዋለሁ።

ያልከፈሉት 38 ቤቶች አብዛኞቹ ተከራይ ያለባቸው ናቸው። እዚህ ላይ ክርክር ተነስቶ ነበር። አከራዩ «የሚኖርበት ተከራዩ ነው፣ እሱ ይክፈል» ይላል። ተከራዩ «ነገ ውጣ ብባል መንገዱን ይዤ አልሄድም» ይላል። ተከራዩ እውነቱን ነው ብዬ አምናለሁ። መንገድ ሲሠራ ዋጋው የሚጨምረው ቤቱ ነው፣ ስለዚህ ባለቤቱ ይክፈል። አደራችሁን፣ በዚህ ሰበብ ኪራይ አትጨምሩ።

«ግብር እየከፈልን ለምን እንደገና እናዋጣለን?» የሚል ጥያቄም ሰምቻለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በአገራችን ለመንገድ ጥገና ተብሎ ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ገንዘብ አለ፤ የመንገድ ፈንድ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚህ የተቋቋመ ነው። ሥራው ከዋና ዋና መንገዶች አልፎ ለከተሞችም ይደርሳል። ግን የጥገና ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይበቃም፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድም ብዙውን ጊዜ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። የምናዋጣው የመንግሥትን ኃላፊነት ለመተካት አይደለም። ወረፋው ላይ ወደፊት ለመምጣትና ሥራውን ቆመን ለመቆጣጠር ነው።

የጊዜውን ነገር አስቡልኝ። አሁን ግንቦት ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ብሩ ሲለቀቅ ዝናቡ ገብቷል፣ በዝናብ ደግሞ ጥቁር አፈር ላይ ሥራ አይሠራም። እስከ ጥቅምት ከጠበቅን አንድ ተጨማሪ ክረምት መንገዱን ይበላዋል። ስለዚህ ሥራውን በሁለት እንከፍለዋለን። ከወፍጮ ቤቱ በታች ያለውን 120 ሜትር ቦይ በእጃችን ባለው ብር አሁኑኑ እንጀምራለን። ቁፋሮውን ወጣቶቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ለመሥራት ተዘጋጅተዋል። የድንጋይ ግንባታውን በሥራ አጥ ማኅበር ለተደራጁት ልጆች እንስጥ፣ ጥርብ ድንጋይ ያውቃሉ። ቀሪው ቦይና ንጣፉ ጥቅምት ላይ ይቀጥላል።

ከከተማው አመራር የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ 2,960,000 ብሩ በመጪው ዓመት በጀት ውስጥ ከአሁኑ ይያዝልን፤ ሐምሌ ካለፈ በኋላ «በጀት ተዘግቷል» እንዳንባል። ሁለተኛ፣ ቱቦው የሚቀበርበትን ከፍታ የሚለካ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ በዚህ ሳምንት ይላክልን። ቦይ በዓይን ግምት ከተቆፈረ ውኃው ወደ ላይኛው ሰው ግቢ ይመለሳል። ሦስተኛ፣ መንገድ የሚቆፍር ማንኛውም መሥሪያ ቤት ወይም ግለሰብ ፈቃድ ሲወስድ መያዣ ገንዘብ ያስይዝ። አፈሩን ጠቅጥቆ ድንጋዩን ሲመልስ ብሩን ይውሰድ። ካልመለሰ በዚያው ብር እናስጠግናለን።

እኛ ደግሞ ቦዩን ልንጠብቀው ግዴታ እንገባለን። በየወሩ የመጨረሻ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እያንዳንዱ ቤት በደጃፉ ያለውን ቦይ ያጸዳል። ለጥገናም በዓመት 200 ብር በቤት ይቀመጣል። ቆሻሻ ቦይ ውስጥ የደፋ ሰው በእድራችን ደንብ ይቀጣል። ይህን ባለፈው ስብሰባ አጽድቀነዋል፣ ኮፒው ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዟል።

ያልከፈላችሁ ወገኖች እስከ ሰኔ 15 ጊዜ አላችሁ። ደረሰኝ የሚቆርጠው ሰው ማታ ማታ እድር ቤቱ ይገኛል። የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ሦስቱ ጥያቄዎቻችን በቃለ ጉባኤ ተይዘው ዛሬውኑ ድምፅ እንዲሰጥባቸው እጠይቃለሁ። ስለ ሒሳቡ ጥያቄ ያለው ካለ ደብተሩን ይዤ እዚሁ ነኝ።

አመሰግናለሁ።