ይግባኝ፦ በሐሰት ሪፖርት ስለተዘጋው የማስጠኛ አካውንቴ

ጤና ይስጥልኝ፤

የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በኦንላይን ሂሳብ አስጠናለሁ። ሰኞ ማታ ክፍል ልከፍት ስል አካውንቴ ተዘግቶ አገኘሁት። የደረሰኝ መልእክት «ተማሪ ላይ ጥቃት አድርሰዋል የሚል ሪፖርት ቀርቦብዎታል» ይላል። ማን ላይ፣ መቼ፣ ምን ብዬ እንደሆነ ግን አይናገርም። እኔ ተማሪ አላጠቃሁም። ክሱ ሐሰት ነው።

ከየት እንደመጣ የምገምተውን ልንገራችሁ። እሑድ ማታ ደሪቬቲቭ እያስረዳሁ ሳለ አንድ የማላውቀው ሰው በተማሪዬ ስም ገባ። የነቃሁት አንድ ስም ዝርዝሩ ላይ ሁለት ጊዜ ስላየሁ ነው። ቻቱ ላይ «የማትሪክ መልስ አለኝ፣ የፈለገ በውስጥ ያናግረኝ» ብሎ ለጠፈ። ልጆቹ ብር እንዳይልኩለት አስጠነቀቅኩ። ይሄኔ «ቆይ፣ አሳይሃለሁ» ብሎ ጻፈ። ወዲያው አስወጣሁት። በማግስቱ አካውንቴ ተዘጋ።

ይህ ሁሉ ቻቱ ውስጥ አለ፤ ክፍለ ጊዜውም በቪዲዮ ተቀድቷል። እኔ አሁን ልከፍተው አልችልም፤ እናንተ ግን ትችላላችሁ።

የመልስ ሽያጭ እዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ሾልኮ በመውጣቱ በመላ አገሪቱ ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 በመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። የጨነቀው ልጅ ቤተሰቡ ለትራንስፖርት የሰጠውን ብር ሳይቀር ለእንዲህ ዓይነት ሰው ይልካል። ነገም ቢመጣ አስወጣዋለሁ።

ከገቢዬ መቋረጥ በላይ የጎዳኝ ስሜ ነው። የአንዷ ተማሪዬ እናት ደውለው «ልጄ፣ ምን አድርገህ ነው የዘጉብህ?» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ሴት ልጃቸውን ነው አምነው የሰጡኝ። ተማሪዎቼ ገና ልጆች ናቸውና እንዲህ ያለ ሪፖርት በቁም ነገር መታየቱን እኔም እደግፋለሁ። የምለምናችሁ ሳታዩ እንዳትፈርዱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የእሑዱን ቪዲዮና ቻት አማርኛ የሚያነብ ሰው ይመልከተው። ሪፖርቱን ያቀረበው አካውንት መቼ እንደተከፈተና በእርግጥ ከተማሪዎቼ የአንዱ መሆኑን አጣሩ። ንጹህ ሆኜ ካገኛችሁኝ አካውንቴን መልሱልኝ፤ ክሱ ውድቅ መሆኑንም በጽሑፍ ስጡኝ። ለወላጆች የማሳየው ነገር እፈልጋለሁ።

ማጣራቱ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ እኔን ዘግታችሁ አቆዩኝ፤ ለልጆቹ ግን ክፍሉን ክፈቱላቸው። የተቀዱት ትምህርቶችና ያረምኩላቸው የቤት ሥራ እዚያ ነው ያለው። ብዙዎቹ በወላጅ ስልክ ነው የሚያጠኑት፤ የደብተራቸውን ገጽ ፎቶ እያነሱ ይልኩልኛል፣ እኔም የተሳሳቱበትን መስመር በቀይ ከብቤ እመልስላቸዋለሁ። ፈተናው ደርሷል፤ ያን ሁሉ ከሌላ ቦታ ሊያገኙት አይችሉም።

ማናቸውንም ጥያቄ በተመዘገበው ስልኬ ደውላችሁ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። ወላጆችን ማነጋገር ከፈለጋችሁም አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የተዘጋው የሂሳብ ክፍል አስጠኚ፣ ሐዋሳ