የመሙያ ማሽኑ 100 ሚሊ ሊትር ይሞላል ወይስ አይሞላም? በዘጠኝ ጠርሙስ የተደረገ የመላምት ፍተሻ

ማሽኑ በእያንዳንዱ ጠርሙስ 100 ሚሊ ሊትር የሳል ሽሮፕ እንዲሞላ ተስተካክሏል። ቢያጎድል ታማሚው የታዘዘለትን ያህል አያገኝም፤ ቢያበዛም ስህተት ነው። ስለዚህ ፍተሻው ሁለቱንም አቅጣጫ ያያል።

μ የማሽኑ እውነተኛ አማካይ ሙሌት በሚሊ ሊትር ቢሆን፣ መላምቶቹ፦

H0: μ = 100
H1: μ ≠ 100

የጉልህነት ደረጃውን α = 0.05 ብለን የወሰንነው አንድም ጠርሙስ ሳይለካ ነው።

ተከታትለው የሚሞሉ ጠርሙሶች ስለሚመሳሰሉ፣ ናሙናውን በፈረቃው ውስጥ በዕጣ በወጡ ዘጠኝ የተለያዩ ሰዓቶች ወሰድን። አረፋ በመለኪያ ብርጭቆ ላይ ንባብን ያሳስታል። ስለዚህ ይዘቱን በሚዛን መዝነን ለአንድ ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ክብደት አካፈልነው። የተገኘው በሚሊ ሊትር፦

98.2፣ 99.6፣ 97.9፣ 100.4፣ 98.8፣ 99.1፣ 97.5፣ 100.1፣ 98.5

ድምሩ 890.1፣ አማካዩ 890.1 ÷ 9 = 98.9 ነው። መሐል ላይ የሚውለው ቁጥር 98.8 ሲሆን ከአማካዩ ብዙም አይርቅም፤ ከሌሎቹ ተነጥሎ የወጣ ቁጥርም የለም። በእርግጥ ዘጠኝ ቁጥር የሥርጭቱን ቅርጽ አያረጋግጥም፤ የኖርማል ሥርጭትን ግምት የሚያፈርስ ምልክት ግን አላየንም።

ከአማካዩ ያሉት ልዩነቶች −0.7፣ 0.7፣ −1.0፣ 1.5፣ −0.1፣ 0.2፣ −1.4፣ 1.2 እና −0.4 ናቸው። ድምራቸው ዜሮ መሆኑ ስሌቱን ይመሰክራል። የካሬዎቻቸው ድምር 7.84 ነው።

s² = 7.84 / 8 = 0.98
s ≈ 0.990
s/√n = 0.990 / 3 = 0.330
t = (98.9 − 100) / 0.330 ≈ −3.33

የሁሉም ጠርሙሶች መደበኛ ልይይት አይታወቅም፤ ያለን ከዘጠኝ ጠርሙስ የተገመተው ብቻ ነው። ይህ ግምት ራሱ ስለሚዋዥቅ የኖርማል ሥርጭትን 1.96 መቁረጫ ማድረግ ያለአግባብ ያስደፍራል። ዊልያም ጎሴት በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ያሳተመው ሥራ ያቃናው ይህንኑ ችግር ነው። በነፃነት ደረጃ 9 − 1 = 8 የቲ ሠንጠረዥ መቁረጫው 2.306 ነው።

|−3.33| > 2.306 ስለሆነ H0 ውድቅ ሆኗል። የፒ ዋጋው ከ0.01 እምብዛም አይበልጥም።

በ1 በመቶ ደረጃ መቁረጫው 3.355 ነበር፤ የእኛ 3.33 በጥቂቱ ያንሰዋል። ውጤቱን ካዩ በኋላ ወደዚያ ደረጃ ዞሮ «ማሽኑ ደህና ነው» ማለት ግን ፍተሻውን ከንቱ ያደርገዋል። ውሳኔው አስቀድሞ በተቀመጠው 0.05 ይጸናል።

የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ፦

98.9 ± 2.306 × 0.330 = 98.9 ± 0.76

ይኸውም ከ98.14 እስከ 99.66 ሲሆን 100 ከክልሉ ውጭ ነው።

ድምዳሜ፦ በ5 በመቶ የጉልህነት ደረጃ፣ የማሽኑ አማካይ ሙሌት ከ100 ሚሊ ሊትር እንደሚለይ በቂ ማስረጃ አለ፤ ናሙናው የሚያሳየው በአማካይ ወደ 1.1 ሚሊ ሊትር ጉድለት ነው። ማሽኑ ቆሞ ይስተካከል፤ ከተስተካከለ በኋላ አዲስ ናሙና ተወስዶ ፍተሻው ይደገም።