ጉዳዩ፦ ከፊልድ ሥራው መዘግየት በኋላ የተሻሻለ የጊዜ ሰሌዳ ስለማቅረብ

ጎንደር፣ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ ፕሮፌሰር፣

እንደምን ሰነበቱ? ይህን መጻፍ የነበረብኝ በታኅሣሥ ነው። «ትንሽ ልጠብቅ፣ መንገዱ ይከፈት ይሆናል» እያልኩ ዘገየሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በእቅዳችን መሠረት እምቦጩ ጣና ሐይቅ ዳር በሚበዛበት በጥቅምትና በኅዳር መጀመሪያ፣ ደንቢያ ውስጥ ከሦስት ቀበሌዎች 180 አባወራዎችን መጠየቅ ነበረብን። የተሳካልን 94 ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ቀበሌ 60 ጨርሰናል፤ ከሁለተኛው 34 ሠርተናል። ሦስተኛው አልተነካም። የጎርጎራ መንገድ ሁለት ጊዜ ተዘጋብን፤ ከአራቱ ዳታ ሰብሳቢዎች ደግሞ ሁለቱ ወደየቤታቸው ተመለሱ።

በታኅሣሥ መቀጠል ይቻል ነበር፤ ግን አልፈለግኩም። ውኃው ሸሽቷል፣ ገበሬውም እምቦጩን ከማሳው ዳር ነቅሎ ከምሮታል። ያን ጊዜ «መረብ ለመጣል ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ወቅት መለካት ነው። ጥናቱ የቆመው እምቦጩ በሚበዛበት ወቅትና በበጋው መካከል ባለው ልዩነት ላይ ስለሆነ፣ ቁጥር ለመሙላት ብዬ ላበላሸው አልወደድኩም።

ስለዚህ የማቀርበው ይህን ነው። የበጋውን ዙር በሦስቱም ቀበሌዎች ከሚያዝያ 12 እስከ ግንቦት 20 እንሠራለን። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ ሆን ብዬ ከበዓሉ በኋላ አድርጌዋለሁ፤ በጾሙ የአሳ ገበያ ስለሚደራ ገቢው ከወትሮው ከፍ ብሎ ይታይብናል። ክረምቱን ዳታ አስገባለሁ፤ የሥነ ዘዴውንና የቀደሙ ጥናቶችን ምዕራፍ እስከ ሐምሌ 30 እልክልዎታለሁ። የቀሩትን 86 አባወራዎች ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 25 ቀን 2019 እጨርሳለሁ። ሙሉው ረቂቅ ከታኅሣሥ ወደ ሰኔ 2019 ይሸጋገራል፤ የስድስት ወር መዘግየት ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። እምቦጩ የሚበዛበት የጥቅምቱ ዙር በሁለት ዓመት ሊከፈል ነው፤ ዝናቡም እምቦጩም በየዓመቱ አንድ ዓይነት አይሆንም። ከመጀመሪያው ቀበሌ 20 አባወራዎችን በ2019 ደግሜ ብጠይቅ፣ ዓመቱ ያመጣውን ለውጥ በመጠኑም ቢሆን ማየት የምንችል ይመስለኛል። በዚህ ላይ የእርስዎን ሐሳብ በጣም እፈልጋለሁ። 20 ይበቃል ወይ የሚለው ራሱ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ገንዘቡ የበጋውን ዙር ይሸፍናል። ለመስከረሙ ግን የሚበቃው በሁለት ዳታ ሰብሳቢ ከሠራሁ ነው፤ እኔም አብሬ እጠይቃለሁ።

የሥነ ምግባር ፈቃዳችን ሰኔ 30 ያበቃል። ለእድሳቱም ለትምህርት ክፍሉ የማራዘሚያ ጥያቄም የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል። ሁለቱንም ቅጾች ሞልቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ከተመቸዎት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቢሮዎ መጥቼ ብንነጋገር ደስ ይለኛል። ካልተመቸዎት የሚሆንዎትን ቀን ይንገሩኝ፤ እስከ ሚያዝያ ጎንደር ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ተማሪዎ መሠረት