ለበዓል ያዘዛችሁት ዕቃ ለዘገየባችሁ ሁሉ፦ ይቅርታ አድርጉልን

መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቱሉ ዲምቱ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ለእንቁጣጣሽ ብላችሁ ያዘዛችሁትን ልብስና ዕቃ ለብዙዎቻችሁ በሰዓቱ አላደረስንም። ጥፋቱ የእኛ ነው። ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ይህን ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ግን መጀመሪያ የማን ዕቃ እንደዘገየ አንድ በአንድ ለይቼ፣ የሚመለሰውን ገንዘብ መልሼ ልምጣ ብዬ ነው። አሁን ቁጥሩ በእጄ ስላለ እንዳለ እነግራችኋለሁ።

ከነሐሴ 15 እስከ ጳጉሜን 5 ድረስ 312 ትዕዛዝ ተቀብለናል። 227ቱ በቀጠሯቸው ቀን ደርሰዋል። 51ዱ ቢዘገዩም በዓሉ ሳይገባ ደርሰዋል። 34ቱ ግን ለበዓል አልደረሱም። ከእነዚህ 19ኙ ከበዓሉ በኋላ ደረሱ፣ ስምንቱ ደንበኞች ገንዘባችንን መልሱልን አሉ፣ ሰባቱ ደግሞ ዛሬም እኛው ጋ ናቸው።

34 ሲባል ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን አንዷን እናት አልረሳትም። ኮዬ ፈጬ ነው የምትኖረው። ለሁለት ሴት ልጆቿ የሀገር ልብስ ያዘዘችው በነሐሴ መጨረሻ ነበር፤ ቀብድ ሳይሆን ሙሉውን ከፍላ። እኛ ያደረስንላት መስከረም 2 ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ስደውል አልጮኸችብኝም። «ልብሱ ያምራል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ልጆቹ አደይ አበባ ይዘው የዞሩት ዓምና በለበሱት ነው፤ አጥሯቸዋል» አለችኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላት ጠፋኝ። ያን ጠዋት ገንዘብ ከፍዬ የምመልሰው አይደለም።

የሆነው እንዲህ ነው። ሁለት ሞተር ነው ያለን። በክረምት ሁለቱም ተጋግዘው በቀን 20 ቤት ካደረሱ ብዙ ነው። ይህን እናውቃለን። እያወቅን ግን «እስከ ዋዜማው ትዕዛዝ እንቀበላለን» ብለን ለጠፍን። በአምስቱ የጳጉሜን ቀናት ብቻ 120 ገደማ ትዕዛዝ ገባ። የዓመቱ ትልቁ ገበያችን ስለሆነ አይለፈን አልን። ጳጉሜን 3 ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንደኛው ሞተር ተበላሽቶ ቆመ፤ የተሠራው ዋዜማው ጠዋት ላይ ነው። ምትክ አላዘጋጀንም ነበር።

ዝናቡንና ጭቃውን ማንሳት እችል ነበር። የዚህን አካባቢ ዋልካ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሲታጠፍ ጎማው ላይ ይጠመጠምና ሞተሩ አልንቀሳቀስ ይላል። ሞተረኛው ወርዶ በእንጨት እየፋቀ ነው የሚሄደው። ግን ክረምት በየዓመቱ ይመጣል። ዘንድሮ ድንገት የመጣብን ነገር የለም፣ ስለዚህ ምክንያት አላደርገውም።

ሌላው ችግር ዕቃው የሚዞርበት መንገድ ነው። የሀገር ልብሱን የምናሠራው ሽሮ ሜዳ ነው። ሽሮ ሜዳ እንጦጦ ሥር ነው፣ እኛ ያለነው ደግሞ የከተማው ደቡብ ጫፍ፣ የአዳማ ፈጣን መንገድ መነሻ ላይ። መሀላችን አዲስ አበባ በሙሉ አለ። እስካሁን ልብሱን ሁሉ ወደ ቱሉ ዲምቱ አምጥተን፣ አሽገን፣ መልሰን እንልክ ነበር። ስድስት ኪሎ ላለ ሰው ያዘዘው ቀሚስ በደጁ አልፎ እዚህ ወርዶ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ ይወጣ ነበር። ይህን እስከዛሬ አለማየታችን በጣም ነው የቆጨኝ።

አድራሻ አያያዛችንም ልክ አልነበረም። ኮዬ ፈጬ «ብሎክ 31» ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም፤ ፕሮጀክቱ ካልታወቀ ያው የብሎክ ቁጥር ሌላ ፕሮጀክት ውስጥም ይገኛል። እኛ ፕሮጀክቱን አንጠይቅም ነበር። አንዱ ሞተረኛችን በዝናብ ከአንድ ሰዓት በላይ ብሎክ ሲፈልግ ቆይቶ፣ የደንበኛዋም ስልክ ዝግ ሆኖበት፣ ዕቃውን ይዞ ተመለሰ። እሷ ደግሞ ቤቷ ቁጭ ብላ ትጠብቀው ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰውን ግን ልንገራችሁ። ስትደውሉና ስትጽፉ «መንገድ ላይ ነው» እንላችሁ ነበር። ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አልነበረም። መደርደሪያ ላይ ነበር። ስልክ የምታነሳው እህቴ ናት፤ «እንዳይጨነቁ እንዲህ በያቸው» ያልኳት ግን እኔ ነኝ። ይህን ስላመናችሁ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃችሁ የቀራችሁ አላችሁ። አስፋልት ዳር ዝናብ ላይ ቆማችሁ የጠበቃችሁ አላችሁ። እውነቱን ብንነግራችሁ ኖሮ ገበያ ወጥታችሁ ሌላ ትገዙ ነበር። መዘግየቱ አንድ ጥፋት ነው። ይህኛው ግን ውሸት ነው፤ በጣም አፍሬበታለሁ።

ሞተረኞቹን ግን እባካችሁ አትውቀሱብን። ሁለቱም በዋዜማው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ሲሠሩ ነበር። ስድብ የደረሰባቸው እኛ በሰጠነው የተሳሳተ ቀጠሮ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ዕቃ የዘገየባችሁ 85 ደንበኞች በሙሉ የማድረሻ ሂሳባችሁ ይመለስላችኋል። ለ78ታችሁ ትናንት ባዘዛችሁበት ስልክ በቴሌብር ልከናል፤ ለቀራችሁት ሰባት ዛሬ ከማታው 12 ሰዓት በፊት እንልካለን። ለበዓል ሳይደርስላችሁ ቀርቶ ዕቃውን ከተቀበላችሁ፣ ከዋጋው ላይ 20 በመቶ እንመልሳለን። ልብሱ ከበዓል በኋላ አይጠቅመኝም የምትሉ ካላችሁ እስከ መስከረም 20 መልሱት፤ ከቤታችሁ የምንወስደው እኛ ነን፣ ሙሉ ገንዘባችሁንም እንመልሳለን። ገንዘባቸውን ለጠየቁት ስምንት ሰዎች ሙሉው ገብቷል።

አንድ ነገር አደራ። ገንዘብ ለመመለስ ስልክ ቁጥራችሁ ብቻ ይበቃናል። «ከሱቁ ነው፣ ገንዘብ ልመልስልህ» ብሎ የሚስጥር ቁጥር ወይም በመልእክት የገባላችሁን ኮድ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ከእኛ አይደለም። እንዳትሰጡት።

የቀሩት ሰባት ዕቃዎች ነገ ረቡዕና ሐሙስ ይደርሳሉ። ሰባታችሁንም ራሴ ደውዬ ሰዓቱን ተነጋግረናል።

ከእንግዲህ እንዴት እንደምንሠራ ደግሞ እነሆ። ዋናው ለውጥ በቀን ከ25 በላይ ትዕዛዝ አለመቀበላችን ነው። ሦስተኛ ሞተረኛ ቀጥረናል፣ ከትናንት ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። በሦስት ሞተር ከ25 በላይ ማድረስ ይቻል ይሆናል፤ ግን አንዱ ቢቆም የቀሩት ሁለቱ አብዛኛውን እንዲሸፍኑት ብለን ነው ቁጥሩን ዝቅ ያደረግነው። ቀኑ ሲሞላ «ለዛሬ ሞልቷል» እንላለን። ገበያ እንደሚያሳጣን አውቃለሁ። ይሁን።

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ አቃቂና ቃሊቲ ላላችሁ ከእሑድ በስተቀር በየቀኑ እናደርሳለን። ጎሮ፣ ሰሚት፣ አያት፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶና ለገጣፎ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ነው። ለቡ፣ ጀሞ፣ ዓለም ባንክና ሰበታ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎና ጉለሌ ያላችሁ ደግሞ ልብሳችሁ ወደዚህ አይወርድም። ማክሰኞና ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ በቀጥታ ወደ እናንተ ይመጣል፤ አንዱ ሞተረኛ በእነዚህ ቀናት ሥራውን የሚጀምረው እዚያው ነው። ሌላ ሰፈር ያላችሁ ስታዝዙ ጠይቁን፣ ቀኑን እንነግራችኋለን።

ስታዝዙ ፕሮጀክት፣ ብሎክ፣ ፎቅና የቤት ቁጥር እንጠይቃለን። ኮንዶሚኒየም ካልሆነ አቅራቢያችሁ ያለ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም የታክሲ መያዣ ንገሩን። ሁለተኛ ስልክም ስጡን፤ የቤተሰብም የጎረቤትም ሊሆን ይችላል። ከማድረሻው በፊት ባለው ምሽት ደውለን እናረጋግጣለን።

ስለ ዕቃችሁ ስትጠይቁ ከእንግዲህ የምትሰሙት ከአራት አንዱን ነው፦ ገና እየተሠራ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ነው፣ ከሞተረኛው ጋር ነው፣ ደርሷል። «ከሞተረኛው ጋር ነው» የምንለው ሞተረኛው ዕቃውን ፈርሞ ሲረከብ ብቻ ነው። በቀጠሮው ቀን የማይደርስ መሆኑን ካወቅን ደግሞ እናንተ እስክትጠይቁ አንጠብቅም። ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ደውለን እንነግራችኋለን። ያኔ ምርጫው የእናንተ ነው፤ ሌላ ቀን ቀጥሩን፣ ወይም ገንዘቤን በሉን። በ24 ሰዓት ውስጥ ይመለሳል።

ሙሉ ክፍያም በቅድሚያ አንቀበልም። ለሚሰፋ ልብስ 30 በመቶ ቀብድ ይበቃል። የቀረውን ዕቃውን ከፍታችሁ፣ አይታችሁ፣ ከወደዳችሁት በኋላ ትከፍላላችሁ።

ለመስቀል የምታዝዙ ካላችሁ፣ እስከ ሰኞ መስከረም 12 ብቻ ነው የምንቀበለው። ማድረሱን ረቡዕ መስከረም 14 እንጨርሳለን። ዓርብ የደመራ ዕለት ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስዱ መንገዶች ስለሚዘጉ በዚያ ቀን ማንንም አንቀጥርም። ልኬት ወስዶ የሚሰፋ ልብስ ለመስቀል አይደርስም፤ ተሠርቶ ያለውን ብቻ ነው የምንሸጠው።

ዕቃው ዘግይቶበት የማድረሻ ሂሳቡ እስከ ዛሬ ማታ ያልገባለት፣ ወይም ከቁጥራችን ያመለጠ ሰው ካለ፣ ባዘዘበት ቴሌግራም ስሙንና ያዘዘበትን ቀን ይጻፍልን። መደወልም ይቻላል። እስከ መስከረም 20 ድረስ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታው 1 ሰዓት ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ።

የሱቁ ባለቤት