የመድኃኒት ስቶክ ቁጥጥር ኦዲት፦ ለሆስፒታሉ ቦርድ የቀረበ ማጠቃለያ

ከውስጥ ኦዲት ክፍል። ኦዲቱ የሚሸፍነው ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ሲሆን ቆጠራውን የሰራነው ከሐምሌ 14 እስከ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ነው።

ዋናው ሪፖርት 46 ገጽ ነው፣ ሁላችሁም ሥራ እንዳለባችሁ እናውቃለን፣ ይቺን ግን ከስብሰባው በፊት ብታነቧት ደስ ይለናል። ባጭሩ የመድኃኒት ስቶክ ቁጥጥራችን አጥጋቢ አይደለም። መድኃኒት ተሰርቋል አላልንም፣ አልተሰረቀም ማለትም ግን አልቻልንም፣ ትልቁ ግኝታችንም ይሄው ነው፣ መዝገቡ ስርቆትን ከዝርክርክነት መለየት በማይቻልበት ሁኔታ ላይ ነው ያለው።

60 ዓይነት መድኃኒት መርጠን ቆጠርን። የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ቢን ካርድ ላይ ያለው ቁጥርና ሼልፍ ላይ ያለው የተገጣጠመው በ23ቱ ብቻ ነው። 29ኙ ጎደሉ፣ 8ቱ ደሞ ተረፉ፣ መትረፉ ጥሩ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ሳይመዘገብ የገባ ወይም ወጥቷል ተብሎ ያልወጣ ዕቃ አለ ማለት ነው። ለምሳሌ ሴፍትራያክሶን 1 ግራም ብንወስድ የስቶክ መመዝገቢያ ኮምፒውተራችን ዳጉ ሲስተም ላይ 2,610 ቫያል፣ ቢን ካርዱ ላይ 2,340፣ በእጃችን የቆጠርነው 1,985 ነው። በዳጉና በካርዱ መሃል ያለው ልዩነት 270ው የወጣበት የወጪ ደረሰኝ፣ ሞዴል 22፣ ኮምፒውተር ላይ ሳይገባ ስለቀረ ነው፣ እሱ ተገኝቷል። ከካርዱ የጎደለውን 355 ስንፈልግ ዋርዶቹን ዞረን በነርሶች ቁምሳጥን ውስጥ 140 አገኘን፣ ማታ ማታ «ነገ ይፈረማል» እየተባለ የሚወሰድ ነው፣ ነገ ግን አይፈረምም። የቀረው 215 የት እንደገባ እስከ ዛሬ የሚነግረን ሰው የለም።

ይሄ ሁሉ ለምን ሆነ ካላችሁ መልሱ አንድ ቁልፍ ላይ ነው ያለው። የስቶር ሃላፊው ዕቃ ይረከባል፣ የገቢ ደረሰኙን ሞዴል 19 ይቆርጣል፣ ካርድ ላይ ይመዘግባል፣ ለዋርድ ያወጣል፣ ዓመቱ ሲያልቅም ራሱ ከቆጣሪዎቹ አንዱ ሆኖ ይገባል። ሰውየውን ለመክሰስ አይደለም፣ እንደውም ማታም ቅዳሜም ተጠርቶ የሚመጣ ሠራተኛ ነው፣ ግን አንድ ሰው ራሱን እንዲቆጣጠር ነው የተውነው። ተረካቢ ኮሚቴ አለ ተብሎ ነበር፣ አለም፣ በወረቀት። ካየናቸው 31 ሞዴል 19 ውስጥ በ6ቱ ላይ የፈረመው የኮሚቴ አባል በዚያ ቀን ዓመት ፈቃድ ላይ ነበር፣ ጠየቅነው፣ «ስመለስ አምጥተው አስፈረሙኝ» አለን፣ አልደበቀም።

ፍሪጁን ለብቻው መንገር አለብን። ሐምሌ 17 ጠዋት ኦክሲቶሲንና ኢንሱሊን የሚቀመጥበትን ፍሪጅ ለማየት ሄድን፣ በሩ ላይ የተለጠፈው የሙቀት መከታተያ ወረቀት እስከ ሐምሌ 21 ተሞልቷል፣ ገና ያልመጡት 4 ቀናት ጭምር፣ ሁሉም 4 ዲግሪ፣ ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ። ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር 11 ዲግሪ ነበር የሚያሳየው፣ መሆን ያለበት ከ2 እስከ 8 መሃል ነው። ኦክሲቶሲን ደግሞ ሙቀት ሲያገኘው ኃይሉን ያጣል፣ ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳት እናት ላይ ተሰጥቶ ካልሰራ ጥፋቱ የማን ነው? በዚያን ቀን የነበረው ባች ለብቻው ተለይቶ እንዲቀመጥ በቃልም በደብዳቤም አሳውቀናል።

ናርኮቲክ ቁምሳጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው፣ እንደ ደንቡ። ሁለቱም ቁልፎች ግን አንድ ኪስ ውስጥ ናቸው። መዝገቡ የ3 ቀን ወደኋላ ቀርቶ አገኘነው፣ ፔቲዲን 6 አምፑል ከመዝገቡ ጎድሎ ነበር፣ የ4ቱ ማዘዣ በኋላ ከኦፕሬሽን ክፍል መጣ፣ የ2ቱ አልመጣም። ባዶ አምፑል ተመላሽ የማድረግ አሠራርም ቆሟል።

ኤክስፓየር ያደረገው መድኃኒት 1.18 ሚሊዮን ብር ያወጣል። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ፣ 640 ሺህ ብር ገደማ፣ ከመጠን በላይ ታዞ የመጣ ነው። ሪፖርትና መጠየቂያ ፎርሙ በየሁለት ወሩ ሲሞላ ትክክለኛ ፍጆታ ሳይሆን ያለፈው ላይ ትንሽ ተጨምሮበት ነው የሚላከው፣ አይፒኤልኤስ በሚባለው የመድኃኒት አቅርቦት አሠራር የሆስፒታል ስቶክ ከ4 ወር ፍጆታ መብለጥ ሳይኖርበት የ13 ወር አምሎዲፒን አገኘን። ሌላው ደግሞ አዲሱ ካርቶን ከፊት፣ የሚያልቅበት ቀን የቀረበው ከኋላ ተደርድሮ ነው የተበላሸው። የማስወገድ ኮሚቴው ከተሰበሰበ 14 ወር ሆኖታል፣ ስለዚህ ኤክስፓየር ያደረገው ሁሉ ከደህናው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ከበሩ ጀርባ ተከምሯል።

የሚገርመው በዚያው ዓመት ከ38 መሠረታዊ መድኃኒቶች ውስጥ 11ዱ ቢያንስ አንዴ ስቶክ አውት ሆነዋል። ማግኒዚየም ሰልፌት ለ19 ቀን አልነበረም፣ ከጎረቤት ጤና ጣቢያ ተበድረን ነው ያለፍነው። የጤና መድን ታካሚዎች ከውጭ ፋርማሲ በራሳቸው ገንዘብ ግዙ እየተባሉ ተልከዋል፣ መዋጮውን ከፍሎ የመጣ ገበሬ እኮ ነው። በአስቸኳይ ግዢ 7 ጊዜ ከግል አስመጪ ገዝተናል፣ በ3ቱ ላይ ፕሮፎርማው ራሱ አጠያያቂ ነው፣ ዝርዝሩ ዋናው ሪፖርት ምዕራፍ 5 ላይ አለ።

የሥራ አመራሩ መልስ፦ ግኝቶቹን ተቀብሏል። የስቶር ክፍሉ ያነሳው ቅሬታም ልክ ነው፣ 9 ሰው የሚያስፈልገው ክፍል በ4 ሰው ነው የሚሠራው፣ የዳጉ ኮምፒውተር ለ6 ሳምንት ተበላሽቶ ሲቀመጥ ጥያቄው አይሲቲ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነበር። ይሄ ግን ፍሪጁን አያስረዳም፣ ለቴርሞሜትር ማንበቢያ 2 ደቂቃ ይበቃል። እዚህ ላይ ቦርዱም ድርሻ አለው፣ ይቅርታ አድርጉልንና በ2015 ኦዲት 9 ምክረ ሐሳብ አቅርበን ነበር፣ የተፈጸመው 2ቱ ነው፣ ከዚያ ወዲህ በነበሩት ቃለ ጉባኤዎች ውስጥ ስለ ቀሪው 7 የጠየቀ አላገኘንም።

ከቦርዱ የምንፈልገው ውሳኔ ብዙ አይደለም። የናርኮቲኩ ሁለተኛ ቁልፍ ከነገ ጀምሮ ለሌላ ባለሙያ ይሰጥ፣ ይሄ ብር አይጠይቅም። የሚረከበውና የሚመዘግበው ሰው እስከ መስከረም 30 ይለያይ፣ ለዚህ ቢያንስ 2 ድራጊስት ቅጥር ይፈቀድ። የማስወገድ ኮሚቴው በ30 ቀን ውስጥ ተሰብስቦ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመሪያ መሠረት ያስወግድ። ላልተገኙት 2 አምፑሎችና ለ215ቱ ቫያል አጣሪ ይሰየም፣ አባላቱ ግን ከፋርማሲና ከስቶር ውጪ ይሁኑ። የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴውም ከእንግዲህ የ3 ወር የስቶክ ሪፖርት በቀጥታ ለቦርዱ ያቅርብ።

ክትትል ቆጠራ ኅዳር ላይ እናደርጋለን። ቀኑን አስቀድመን የምናሳውቀው ለቦርድ ሰብሳቢው ብቻ ነው፣ ለፋርማሲም ለሥራ አስኪያጁም አንናገርም፣ በዚህ ቅር እንዳትሰኙብን።